«ፓምፑ ደክሟል» ከማለት በፊት

ጥልቅ ጉድጓድ የሚጠቀም የአነስተኛ ከተማ የውሃ ጣቢያ የትም ይሁን የት አሠራሩ ይመሳሰላል። በሽቦ በታጠረ ግቢ መካከል ከመሬት ብቅ ያለ የብረት ቱቦ አለ። ቱቦው ክርኑን አጥፎ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ላዩ ላይ መስታወቱ የደበዘዘ ፕሬዠር ጌጅ፣ ቀጥሎ የውሃ ቆጣሪ፣ ቀጥሎ ጌት ቫልቭ ተገጥሞበታል። በአንድ በኩል የጄኔሬተር ቤት፣ በሌላ በኩል የኦፕሬተሩ ክፍል ይታያል። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ደግሞ ማጠራቀሚያው ተቀምጧል። ፓምፑ ራሱ ግን አይታይም። ከመቶ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ስለሚሠራ፣ ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ ከላይ ሆኖ በግምት የሚነገር ነው።

ክርክሩ የሚጀመረው ማጠራቀሚያው በድሮው ሰዓት መሙላት ሲያቅተው ነው። ቦኖዎቹ ላይ ጀሪካን ይሰለፋል። የውሃ ኮሚቴው «ፓምፑ ደክሟል» ይላል። ኦፕሬተሩ ጥፋቱን ወደ ጄኔሬተሩ ይወስደዋል። ከአካባቢው ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ጉድጓዱ እየሸሸ ነው ብለው ይሰጋሉ። የፓምፕ ሻጩ «ስንት ሜትር ይገፋል? ስንት ሊትር ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቅና ከቀድሞው ከፍ ያለ ጉልበት ያለውን ያሳያል። አራቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ አራቱም ግን ስለ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚያወሩት። ፓምፕ የሚሰጠውን ውሃ ብቻውን አይወስንም። ውሃው የሚሄድበት መንገድም የራሱ ድርሻ አለው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተሥለው እስካልታዩ ድረስ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ አዲስ ፓምፕ መግዛት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋት የሌለበትን አውጥቶ መጣል ይሆናል።

## ሁለት መስመሮች፣ አንድ መገናኛ

የመጀመሪያው መስመር ከፋብሪካው የሚመጣ ነው፤ ባለሙያዎች የፓምፕ ከርቭ ይሉታል። ወደ ጎን በሰከንድ የሚወጣውን ሊትር፣ ወደ ላይ ደግሞ ፓምፑ ውሃውን ሊያነሳው የሚችለውን ከፍታ በሜትር ያሳያል። ይህን ከፍታ ሄድ ብለው ይጠሩታል። መስመሩ ከግራ ከፍ ብሎ ይነሳና ወደ ቀኝ እያዘቀዘቀ ይወርዳል፤ ፓምፑ ብዙ ውሃ ባሳለፈ ቁጥር እያንዳንዱን ሊትር የሚያነሳበት ከፍታ ይቀንሳል ማለት ነው። አንዳንድ ካታሎጎችና ኔም ፕሌቶች ግን የመስመሩን ሁለት ጫፎች ብቻ አንስተው «ከፍተኛ ሄድ 210 ሜትር፣ ከፍተኛ ፍሰት በሰከንድ 21 ሊትር» ብለው ይጽፋሉ። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ አብረው ግን አይገኙም። 210 ሜትር የሚገኘው ቫልቩ ተዘግቶ ጠብታ በማይወጣበት ጊዜ ነው። 21 ሊትር የሚገኘውም ውሃው ምንም ከፍታ በማይወጣበት ጊዜ ነው። ገዢው ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንደገዛ ካሰበ ገና ከመነሻው ተሳስቷል።

ሁለተኛው መስመር ከፋብሪካ አይመጣም፤ ከቦታው የሚነሳ ነው። የሲስተም ከርቭ ይባላል። ለማሳያ እንዲሆነን ቁጥሮቹ ለሥሌት የሚመቹ አንድ ጣቢያ እንገንባ። ፓምፑ ቆሞ ሳለ የጉድጓዱ ውሃ ከመሬት 65 ሜትር በታች ነው። ማጠራቀሚያው ከጉድጓዱ አፍ በ45 ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ጠብታ እንኳ ለማንቀሳቀስ መጀመሪያ 110 ሜትር መሸነፍ አለበት። ፓምፑ ሲነሳ የጉድጓዱ ውሃ ዝቅ ይላል፤ በእኛ ጉድጓድ በሰከንድ በሚወጣው በእያንዳንዱ ሊትር አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል እንበል። በዚህ ላይ የሰበቃ ኪሳራ አለ። ወደ ማጠራቀሚያው የሚሄደው የግፊት መስመር 1.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 100 ሚሊ ሜትር የብረት ቱቦ ነው፤ በሰከንድ 10 ሊትር ሲያልፍበት በሰበቃ ብቻ 34 ሜትር ይበላል። ጉድጓዱ ውስጥ ፓምፑን ያንጠለጠለው ራይዘር 2 ሜትር ይጨምራል። ሰበቃው ከፍሰቱ ጋር እኩል እያደገ አይሄድም፤ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሰበቃው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ የሲስተም ከርቩ ከ110 ሜትር ይነሳና ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ቀጥ እያለ ሽቅብ ይወጣል፦ በ6 ሊትር 132፣ በ8 ሊትር 145፣ በ10 ሊትር 161 ሜትር።

የፓምፑን መስመር ከዚህ ላይ ስንደርበው በ6 ሊትር 194፣ በ8 ሊትር 181፣ በ10 ሊትር 165 ሜትር ያሳያል። ሁለቱ መስመሮች የሚቆራረጡት ከ10 ሊትር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በ10.2 ሊትርና በ163 ሜትር ላይ ነው። ውሃው እዚያ የሚረጋበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ8 ሊትር ላይ ፓምፑ 181 ሜትር ይሰጣል፤ መንገዱ የሚጠይቀው 145 ብቻ ነው። የተረፈው 36 ሜትር ውሃውን ያፈጥነዋል። በ12 ሊትር ደግሞ መንገዱ ወደ 180 ይጠይቃል፣ ፓምፑ ግን 145 ብቻ ነው ያለው፤ ፍሰቱ ይቀንሳል። ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ ዋጋ ተጎትተው እንደሚስማሙት፣ ፓምፑና መንገዱም የሚስማሙበት ነጥብ አንድ ብቻ ነው። ማንም በትእዛዝ ሊያዛውረው አይችልም፤ እንዲዛወር ከሁለቱ መስመሮች አንዱ መነካት አለበት።

> ፓምፕ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የሚጠየቀው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ ኮረብታው፣ ቱቦውና ጉድጓዱም ይጠየቃሉ።

## በ8 ሊትር የተከሰሱ ሦስት

ዓመታት አለፉ እንበል። የውሃ ቆጣሪው አሁን በሰከንድ 8 ሊትር ነው የሚያሳየው። አንድ አምስተኛ የሚሆነው ውሃ ጠፍቷል። ፍሰቱ ብቻውን ስለ ጥፋተኛው ምንም አይናገርም፤ የሚናገሩት ከጎኑ የሚቆሙት ሁለት ንባቦች ናቸው፦ በጉድጓዱ አፍ ያለው ፕሬዠር ጌጅና በዲፕ ሜትር የሚለካው የውሃ ጥልቀት። አዲስ በነበረበት ጊዜ ጌጁ 7.9 ባር ገደማ ያነብ ነበር። አንድ ባር 10.2 ሜትር ያህል ስለሆነ ይህ 80 ሜትር ነው፤ 45ቱ የኮረብታው ከፍታ ሲሆን ቀሪው 35 የቱቦው ሰበቃ ነው።

የመጀመሪያው ተከሳሽ የግፊት መስመሩ ነው። ውስጡ ዝገትና ኖራ ይዞ ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጥገና ላይ የነበረ ሰው ቫልቭ በግማሽ ከፍቶ ሄዷል። በዚህ ጊዜ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ በራሱ ከርቭ ላይ ወደ ግራ ተንሸራቶ በ8 ሊትር 181 ሜትር ይሰጣል። የጉድጓዱ ውሃ 77 ሜትር ላይ ነው፤ ከ181 ላይ 77ቱንና የራይዘሩን አንድ ሜትር ገደማ ስንቀንስ ጌጁ 103 ሜትር፣ ማለትም 10 ባር ያህል ያነባል። ውሃው ቀንሶ ጌጁ ግን ጨምሯል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጌጁን መርፌ ከፍ ብሎ ያየ ኦፕሬተር «ፓምፑስ በርትቷል» ሊል ይችላል፤ መርፌው የሚያሳየው ግን የመንገዱን መታነቅ ነው።

ሁለተኛው ተከሳሽ ፓምፑ ነው። ጉድጓዱ አሸዋ የሚያወጣ ከሆነ ኢምፔለሮቹና በመካከላቸው ያሉት ቀለበቶች ይበላሉ፤ የተገፋው ውሃ ከፊሉ እዚያው ውስጥ ወደ ኋላ ይመለሳል። መንገዱ አልተለወጠም፤ በ8 ሊትር የሚጠይቀው 145 ሜትር ነው፣ ፓምፑም ያንኑ ነው የሚሰጠው። ጌጁ 67 ሜትር፣ ማለትም 6.5 ባር ያነባል። ዲፕ ሜትሩ በመጀመሪያው ሁኔታ እንዳለው 77 ሜትር ይላል።

ሦስተኛው ተከሳሽ ጉድጓዱ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው በ36 ሜትር ወርዶ የቆመው ውሃ ከ65 ወደ 101 ሜትር ሄዷል እንበል። ያን ጊዜ የሲስተም ከርቩ ሙሉ በሙሉ 36 ሜትር ሽቅብ ይነሳል፤ የመገናኛው ነጥብም በጤነኛው የፓምፕ ከርቭ ላይ 8 ሊትር ዘንድ ያርፋል። ከ181 ሜትር ላይ የውሃውን ጥልቀት 113ና የራይዘሩን አንድ ሜትር ስንቀንስ ጌጁ የሚያነበው 67 ሜትር፣ አሁንም 6.5 ባር ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። ያረጀ ፓምፕና የሸሸ ጉድጓድ በቆጣሪውም በጌጁም ላይ አንድ ዓይነት ንባብ ይሰጣሉ። ሁለቱን የሚለያቸው ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርደው ገመድ ብቻ ነው። የሚለካው ሰው የጌጁን ሜትር፣ የውሃውን ጥልቀትና የራይዘሩን ኪሳራ ደምሮ ነጥቡን ወረቀቱ ላይ ያኖራል። በመጀመሪያውና በሦስተኛው ሁኔታ ድምሩ 181 ይመጣና ነጥቡ በፋብሪካው መስመር ላይ ያርፋል፤ ፓምፑ ነጻ ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ድምሩ 145 ይመጣና ነጥቡ ከመስመሩ በታች 36 ሜትር ይወድቃል። ያን ጊዜ ብቻ ነው ክሬን የሚጠራው።

> ያረጀ ፓምፕና የሸሸ ጉድጓድ በጌጁ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው ገመድ ነው።

ክሬኑ ከመጣ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ራይዘር ከመጋጠሚያው ላይ ቢሸነቆር፣ ፓምፑ ደህና ሆኖ ሳለ የገፋው ውሃ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይፈስሳል፤ ከላይ የሚነበበው ቁጥር ያረጀ ፓምፕን ይመስላል። ይህን ከወረቀት ላይ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ስለዚህ ቱቦዎቹ ሲወጡ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ማየት ይገባል፤ አዲሱ ፓምፕ የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው።

## የጄኔሬተሩ ሦስት ኸርዝ

ኦፕሬተሩ ጄኔሬተሩን መክሰሱ ያለ ምክንያት አይደለም። ፓምፑ ካታሎጉ ላይ ያለውን ከርቭ የሚሰጠው ሞተሩ በ50 ኸርዝ ሲዞር ነው። ያረጀ ጄኔሬተር ጭነት ሲያርፍበት 47 ላይ ቢወርድ፣ ብዙዎች ቀላል አድርገው ያዩታል፤ ፍጥነቱ 6 በመቶ ስለቀነሰ ውሃውም 6 በመቶ ይቀንሳል፣ 10.2 የነበረው 9.6 ይሆናል ብለው ያሰላሉ። መጽሐፉ ላይም «ፍሰት ከፍጥነት ጋር እኩል ይቀንሳል» የሚል ሕግ አለ። ሕጉ ትክክል ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ፓምፑ መስመር እንጂ ስለ መገናኛው ነጥብ አይደለም።

ፍጥነት ሲቀንስ ሄድ የሚቀንሰው በስኩዌር ነው። 210 ሜትር የነበረው የፓምፑ ጫፍ ወደ 186 ይወርዳል። የኮረብታውና የጉድጓዱ 110 ሜትር ግን ጄኔሬተሩ ደከመ ብሎ አይቀንስም። ሰበቃን ለማሸነፍ የተረፈው ከ100 ወደ 76 ሜትር ወረደ ማለት ነው። መስመሮቹን እንደገና ስንሥል መገናኛው 8.8 ሊትር ላይ ይመጣል። 6 በመቶ የፍጥነት ጉድለት 14 በመቶ ውሃ ወሰደ። የሚገፋው በአብዛኛው ከፍታ በሆነበት ጣቢያ ጉዳቱ ይበረታል፤ ሜዳ ላይ ረጅም ቱቦ ብቻ በሚገፋ ጣቢያ ሕጉ እንዳለው ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። ይህን የሚያሳየው የሲስተም ከርቩ የት እንደሚነሳ መመልከት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ47 ኸርዝ የተለካ ነጥብ በ50 ኸርዝ ከርቭ ላይ ከተቀመጠ ከመስመሩ በታች 24 ሜትር ያህል ይወድቃል፤ ጤነኛውን ፓምፕ ያረጀ ያስመስለዋል። ስለዚህ ከጌጁም ከገመዱም በፊት ቦርዱ ላይ ያለው ኸርዝ መነበብ አለበት። ጉዳዩ እዚያው ከተፈታ ሥራው የናፍጣ ፊልተር መቀየርና ጋቨርነር ማስተካከል ሆኖ ይቀራል።

## «ትልቁን ብንገዛው ምን ይጎዳል?»

ይህ ሻጩም ኮሚቴውም የሚስማሙበት መከራከሪያ ነው፤ በቀላሉ የሚጣልም አይደለም። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ጠንካራ ፓምፕ ውሃውን ይመልሳል ይላሉ። ይመልሳልም። ቱቦው የታነቀበትን ጣቢያ እንውሰድና የጫፍ ሄዱ በአንድ አራተኛ የሚበልጥ፣ 262 ሜትር የሚደርስ ፓምፕ እናስገባ። አዲሱ መስመር የታነቀውን ሲስተም የሚያገኘው 10 ሊትር ላይ ነው። ሕዝቡ ውሃውን አገኘ፤ ኮሚቴው ተመሰገነ።

የሥራ ነጥቡ ግን አሁን በ217 ሜትር ላይ ነው፤ ድሮ 163 ነበር። እያንዳንዱ ሊትር ውሃ ማጠራቀሚያው ለመድረስ ከቀድሞው አንድ ሦስተኛ የበለጠ ጉልበት ይበላል፤ ይህም ፓምፑ እስካለ ድረስ በየቀኑ በናፍጣ ወይም በመብራት ሒሳብ ይከፈላል። የጌጁ ንባብ 13 ባር ይደርሳል። ቱቦው 16 ባር እንዲችል የተሠራ ቢሆን እንኳ አሁን የዛገ ቱቦ ነው፤ አንድ ሰው ቫልቩን ዘግቶ ፓምፑን ቢያስነሳው ደግሞ ግፊቱ 19 ባር ይሄዳል። የዚህ ሁሉ መነሻ በግማሽ የተከፈተ ቫልቭ ሆኖ ቢገኝ፣ የተገዛው ፓምፕ የሚገፋው የጥገና ሠራተኛን መርሳት ነው።

ጉድጓዱ በሸሸበት ጣቢያ ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል። በዚያ ጉድጓድ በሰከንድ 10 ሊትር ከተሳበ ውሃው ወደ 116 ሜትር ይወርዳል። ፓምፑ 120 ሜትር ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ በላዩ የቀረው ውሃ አራት ሜትር ብቻ ነው። አንድ ደረቅ በጋ ሲጨመርበት ፓምፑ አየር ይስባል፤ ውሃ ውስጥ ያለው ሞተርም የሚቀዘቅዘው በጎኑ በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ፍሰቱ ሲቆራረጥ ይቃጠላል። ትልቁ ፓምፕ ችግሩን እያባባሰው ነው ማለት ነው።

ከዲዛይን ጊዜ ጀምሮ «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚጨመረውም ሜትር እንዲሁ ነው። ጥቂት መጨመር ተገቢ ነው፤ ቱቦ ያረጃል፣ ውሃ ይወርዳል። ነገር ግን አንዱ መሐንዲስ ሰበቃውን አብዝቶ፣ ሌላው በላዩ ጨምሮ፣ ሻጩ ደግሞ «የሚቀጥለውን ውሰዱ» ካለ፣ እውነተኛው የሲስተም ከርቭ ከተገመተው በታች ይሆንና መገናኛው ወደ ቀኝ ይሸሻል። በዚያ ቦታ ጉድጓዱ ከሚችለው በላይ ይሳባል፣ ሞተሩ ከሚገባው በላይ አምፒር ሊጎትት ይችላል፣ ባለ ብዙ እርከን ሰብመርሲብል ፓምፕ ውስጥ ደግሞ ኢምፔለሮቹ ወደ ላይ እየተገፉ ይፋተጋሉ። ኦፕሬተሩ ይህን ሲያይ ቫልቩን ያጠብበዋል፤ ለጥንቃቄ የተገዛው ሜትር ቫልቩ ላይ ይቃጠላል።

## ወረቀቱ ከሌለስ?

ከባለሙያዎች የሚመጣው ጠንካራ ተቃውሞ ሌላ ነው። በብዙ ጣቢያ የፓምፑ ካታሎግ ጠፍቷል፣ የጉድጓዱ የሙከራ ሰነድ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ ከርቭ የሚባለው የንድፍ ቢሮ ወሬ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። መልሱ ግን ከርቩን መተው አይደለም፤ ቦታው ላይ መሥራት ይቻላል። ፓምፑ እየሠራ የጉድጓዱ አፍ ቫልቭ በየደረጃው ይጠበባል። በእያንዳንዱ ደረጃ ጌጁና የውሃው ጥልቀት እስኪረጉ ተጠብቆ የቆጣሪው፣ የጌጁ፣ የገመዱና የኸርዙ ንባብ ይጻፋል። አራት ወይም አምስት ነጥብ ሲሰበሰብ የፓምፑ የዛሬ መስመር ወረቀቱ ላይ ወጥቷል። ጌጁ የሚቀመጠው ከቫልቩ በፊት፣ በፓምፑ በኩል መሆን አለበት፤ ከቫልቩ ወዲያ ከተገጠመ የሚነበበው የቱቦው ታሪክ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ የሚወሰደው ነው። በእኛ ጣቢያ ጤነኛ ፓምፕ 210 ሜትር ሊሰጥ ይገባል፤ የቆመው ውሃ 65 ላይ ከሆነ ጌጁ 145 ሜትር፣ ማለትም 14.2 ባር ያነባል። ይህን የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ ጌጁም እስከ ቫልቩ ያለው መገጣጠሚያም ያን ግፊት እንደሚችሉ ማረጋገጥ አለበት፤ ቫልቩም ከግማሽ ደቂቃ በላይ ተዘግቶ መቆየት የለበትም፣ ውሃ የማያልፍበት ሞተር ይግላልና።

ጌጁ ራሱም ይመረመራል። ግማሽ ባር የተዛባ ጌጅ ነጥቡን አምስት ሜትር ያዛውረዋል። 36 ሜትር የሚለያዩ ተከሳሾችን ለመለየት ይህ አያሳስብም፤ ፓምፑ በዓመት ውስጥ ስንት ሜትር እንዳጣ ለማወቅ ግን ስሕተቱ ከሚፈለገው ለውጥ ጋር ሊተካከል ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ በየጊዜው በአንድ ጌጅና በአንድ ገመድ ቢሆን ይመረጣል። ቆጣሪውም ቢሆን ያረጀ ከሆነ አሳንሶ ይቆጥራል፤ የሚያስተማምነው የማጠራቀሚያው ቫልቭ ወደ ከተማው ተዘግቶ ውሃው በአንድ ሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጨመረ መለካትና በወለሉ ስፋት ማባዛት ነው።

እነዚህን ንባቦች ለመውሰድ አመቺው ቀን ፓምፑ የተተከለበት ቀን ነው። ያን ዕለት ቱቦው ንጹሕ፣ ኢምፔለሩ አዲስ፣ የጉድጓዱም ውሃ የታወቀ ስለሆነ፣ የተሣሉት ሁለት መስመሮች ከዚያ በኋላ ለሚነሳ ክርክር ሁሉ መነሻ ይሆናሉ። ያ ቀን ላለፈበት ጣቢያ ግን ዛሬ የሚወሰደው ነጥብ ቢያንስ የሚቀጥለው ዓመት ነጥብ የሚነጻጸርበት ስለሚሆን፣ ቀኑና ኸርዙ ተጽፎበት በቦርዱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፋል።